ፍሪጅ፣ ቴሌቪዥን፣ ማጠቢያ፣ ምጣድ፣ የቡና ማሽን… አንዱን ብቻ ልያዝ?

የሳሪሱ ጠጋኝ (ጥር 2)

ሰላም ለቤቱ። ሳሪስ አካባቢ የኤሌክትሪክ ዕቃ ጠጋኝ ነኝ። ሰባት ዓመት ሆነኝ። ቢዝነስ ካርዴ ላይ ያለውን ብታዩ ትስቃላችሁ፦ ፍሪጅ፣ ማጠቢያ ማሽን፣ ቴሌቪዥን፣ ዲሽ፣ የእንጀራ ምጣድ፣ ስቶቭ፣ የቡና ማሽን፣ ከታች ደግሞ "እና ሌሎችም"።

ሥራ አላጣሁም። ስልኬ ይጮኻል። ግን ጠዋት ቃሊቲ ዲሽ አስተካክዬ፣ ከሰዓት ገርጂ ፍሪጅ ጋዝ ልሞላ ታክሲ ስጋፋ ውዬ፣ ማታ ስቆጥረው እጄ ላይ የረባ ነገር የለም። የሁሉንም ዕቃ መለዋወጫ ደግሞ መያዝ አልችልም። ስለዚህ አንዱን ሥራ ሁለቴ እሄዳለሁ፤ አንዴ ለማየት፣ አንዴ መርካቶ ገዝቼ ለመግጠም።

አንድ ጓደኛዬ "የቡና ማሽን ብቻ ያዝ፣ ካፌ እንደሆነ በየበሩ ነው" አለኝ። ሐሳቡ ገብቶኛል፣ ግን ፈራሁ። እናንተን የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንዱን ስመርጥ በምን ልምረጥ? ደግሞስ ሰው "አሪፍ ነው" ከማለት አልፎ ኪሱ እንደሚገባ፣ ሌላውን ሥራ ሳልጥል እንዴት ልወቅ?

ማጠቢያዬ ቆመ (ጥር 2)

ወንድሜ ጥሩ ጊዜ መጣህ። ቤቴ ያለው ማጠቢያ ማሽን ውኃ ይሞላል፣ ይዞራል፣ ውኃውን ሊያወጣ ሲል ቀጥ ይላል። ምን ይሆን?

የሳሪሱ ጠጋኝ (ጥር 2)

ከፊት ከታች በኩል ትንሽ ክዳን አለችው። ጨርቅ አንጥፈህ ክፈታት። የውኃ ማውጫው ማጣሪያ ላይ ሳንቲም ወይ የሕፃን ካልሲ ተሰክቶ ይሆናል። ጥያቄዬ ግን እሱ አልነበረም፣ ሃሃ።

ሰባት በአንድ (ጥር 2)

እኔ ምክሬ አጭር ነው፤ እንዳትሞክረው። ይሄ አንድ ሙያ ብቻ ያዝ የሚባለው ነገር ገበያ ሰፊ የሆነበት ሀገር ወግ ነው። እኛ ጋ መለዋወጫ ይጠፋል፣ መብራት ይጠፋል፣ ደንበኛ ይጠፋል። አንዱ ሲደርቅ በሌላው ትኖራለህ። እኔ ራሴ ኅትመት፣ ማስታወቂያ፣ ቲሸርት፣ ማኅተም፣ ፎቶ ኮፒ እሠራለሁ። ማኅተም ሲቀዘቅዝ ቲሸርት ይሞቃል።

ጋሽ መፍቻ (ጥር 3)

ሰባት በአንድ ከጠቀስከው ውስጥ አንዱ እውነት ነው። ገቢን በአንድ ጀምበር መቁረጥ ሞኝነት ነው። ግን ልጁ ቁረጡልኝ አላለም። እንዴት ልፈትን ነው ያለው።

ልጄ፣ እኔ ዛሬ የዳቦ ቤት ምድጃና ማቡኪያ ብቻ ነው የምሠራው። ድሮ እንዳንተ ነበርኩ። የመረጥኩት አስቤ አይደለም። ደብተሬን ገልጬ ነው። አንተም ሌላ ሰው ከመጠየቅህ በፊት ያለፉትን ሦስት ወራት ሥራዎች ጻፍ። ደብተር ካልያዝክ የቴሌብርና የባንክ መልእክቶችህን ወደ ኋላ እየቆጠርክ አስታውስ። ለእያንዳንዱ ሥራ የእጅ ዋጋህን ብቻ ጻፍ፤ የመለዋወጫውን ዋጋ እንዳትደምር፣ እሱ ያንተ ገንዘብ አይደለም። ከመንገዱ ጋር ስንት ሰዓት እንደፈጀብህ ጻፍ። ከዚያ ደግሞ ዕቃው ለምን እንደተበላሸ። ይቺን የመጨረሻዋን ሁሉም ይዘላታል። ስትጨርስ እዚህ ለጥፍና እንነጋገር።

የሳሪሱ ጠጋኝ (ጥር 6)

ጋሼ፣ ሦስት ማታ ፈጀብኝ። የጥቅምት፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ነው። ሰዓቱ በግምት ነው።

በድምሩ 74 ሥራ፣ የእጅ ዋጋ 96,000 ብር።

ቴሌቪዥንና ዲሽ 23 ሥራ፣ 14,000 ብር፣ ወደ 70 ሰዓት።
ፍሪጅ 19 ሥራ፣ 27,000 ብር፣ ወደ 75 ሰዓት።
ማጠቢያ 12 ሥራ፣ 15,000 ብር።
ምጣድና ስቶቭ 9 ሥራ፣ 9,000 ብር።
የቡና ማሽን 11 ሥራ፣ 31,000 ብር፣ ወደ 40 ሰዓት።

እውነት ለመናገር ደነገጥኩ። ብዙ የምሠራ የሚመስለኝ ዲሽ ነው። በሰዓት ሳካፍለው ዲሽ 200 ብር፣ የቡና ማሽን 775 ብር ይመጣል።

ምክንያቱን ላልከኝ ደግሞ፣ ከአሥራ አንዱ የቡና ማሽን ስድስቱ በነጭ ቅርፊት ነው የተበላሹት። ያ ኖራ የሚመስለው ነገር ሬዚስታንሱን ይሸፍነዋል፣ ቀጫጭኑን ቱቦ ይደፍነዋል። አሥራ አንዱ ሥራ የሰባት ካፌ ነው፤ አምስቱ ካፌ ሳሪስ፣ ቃሊቲና አቃቂ ናቸው። ስለዚህ ገባኝ። እዚያ የሚመጣው የአቃቂ ጉድጓድ ውኃ ነው። ጉድጓድ ውኃ ኖራ ይበዛዋል። የእኔ ገበያ የአቃቂ መስመር ካፌዎች ናቸው ማለት ነው። ቲዲኤስ ሜትር ገዝቼ በየካፌው ውኃ እየለካሁ ልሸጥላቸው ነው።

ጋሽ መፍቻ (ጥር 6)

ጎበዝ። ቁጥሩ ጥሩ ነው። መደምደሚያህ ላይ ግን ቸኮልክ።

አንተ የምትኖረው የት ነው? ሳሪስ። ደንበኞችህ የት ይሆናሉ ታዲያ፣ ሱሉልታ? አምስቱ እዚያ የሆኑት ሰፈርህ ስለሆነ ሊሆን ይችላል። ስለ ውኃው ያልከው ልክ ነው። የጉድጓድ ውኃ በድንጋይ ውስጥ ስለሚያልፍ ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድብ ውኃ ይልቅ ኖራ ይይዛል። ግን ውኃው መጥፎ መሆኑ አንድ ነገር ነው፤ ባለካፌው ለዚያ ብር ማውጣቱ ሌላ።

ሜትሩን መልስ። ቲዲኤስ ሜትር በውኃው ውስጥ የሟሟውን ሁሉ ነው የሚቆጥረው። ከማሽኑ ጎን የሚቆመው የውኃ ማለስለሻ ሲሊንደር ኖራውን ወስዶ በምትኩ ጨው ይሰጣል። ስለዚህ ሲሊንደሩ በደንብ እየሠራ እንኳ ሜትሩ ያው ቁጥር ነው የሚያሳይህ። ባለቤቱ ፊት ትዋረዳለህ። ይልቅ የኃይላንድ ጠርሙስ ውሰድ፣ ከቧንቧው ግማሽ ቅዳ፣ ትንሽ ሳሙና ፍቀህበት ናጠው። ከሲሊንደሩ የወጣውንም እንደዚያው አድርግ። አንዱ አረፋ ሲያወጣ ሌላው ደፍርሶ እምቢ ካለ ሲሊንደሩ ይሠራል። ሁለቱም እምቢ ካሉ ጨው የጨመረበት የለም ማለት ነው። ዘንድሮ በየካፌው ስንቱ ሲሊንደር አቧራ ለብሶ ጥግ ላይ እንደተገተረ አንተ ታውቃለህ።

አሁን ስለ መጥበብ። "የቡና ማሽን" ጠባብ አይደለም። ማሽን መሸጥም፣ መግጠምም፣ ሲሞት ማንሣትም እዚያ ውስጥ አለ። አንተ ማንሣት ላይ ነህ፣ ጥሪ ትጠብቃለህ። ጥሪ ደግሞ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። ግን ከአሥራ አንዱ ስድስቱ ሳይበላሹ ሊያዙ የሚችሉ ነበሩ። ስለዚህ ልትፈትነው የሚገባህ ይህ ነው፦ በወር ሁለቴ እየሄድክ ማሽኑን የምትንከባከብበት፣ ባለቤቱ በየወሩ የሚከፍልበት ኮንትራት። እሱን ሰው ይገዛል ወይስ አይገዛም?

ማርኬቲንግ ልጅ (ጥር 6)

ብሮ ቀላል ነው። ቲክቶክ ላይ ቅርፊት የበላውን ቦይለር ቪዲዮ ልቀቅ። ፌስቡክ ፔጅ ክፈት። ሁለት ሦስት መቶ ላይክ ካገኘ ገበያ አለ ማለት ነው። ከዚያ ለመጀመሪያዎቹ አሥር ካፌ አንድ ወር በነፃ ሥራላቸው። ከለመዱህ በኋላ ይከፍላሉ።

ጋሽ መፍቻ (ጥር 7)

ቪዲዮው ይጠቅመዋል፤ ሰው ያንን ቅርፊት በዓይኑ አይቶ አያውቅም። ላይኩን የሚሰጠው ግን ካፌ ያለው ሰው ሳይሆን ቅርፊት ሲፋቅ ማየት ደስ የሚለው ሰው ነው። በነፃ ስለ መሥራት ደግሞ እኔ ተቃጥዬበታለሁ። ለአራት ዳቦ ቤት በነፃ አገለገልኩ። አራቱም ወደዱኝ። በሁለተኛው ወር ሒሳብ ስጠይቅ ሦስቱ "ታዲያ ምን ተበላሽቶ?" አሉኝ። ነፃው የነገረኝ ዳቦ ቤት ነፃ ነገር እንደሚወድ ብቻ ነው። ያንን ለማወቅ አንድ ወር መልፋት አያስፈልግም።

ባለ ካፌዋ (ጥር 7)

እኔ ቦሌ ካፌ አለኝ። ከገዢው ወገን ልናገር።

አንደኛ፣ ባሪስታውን አታናግረው። ማሽኑን የሚነካው እሱ ነው፣ ግን አምስት ብር የማዘዝ ሥልጣን የለውም። ሁሌ "ጥሩ ነው፣ ለባለቤቷ እነግራታለሁ" ይልሃል። አይነግረኝም።

ሁለተኛ፣ ማሽን ሳይበላሽ በየወሩ ክፈይ ብትለኝ ደስ አይለኝም። እውነቱን ነው የምነግርህ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ የቢሮ ሰው ተሰልፎ ማሽኑ ሲሞት ግን የጠየቅከኝን እከፍላለሁ። ባለፈው ዓመት አንድ ሙሉ ቀን ቆሞብኝ ነበር። በቀን ወደ 300 ስኒ እሸጣለሁ። አስላው።

ሦስተኛ፣ አሁን የምለው አይከፋህ። ጠጋኝ እፈራለሁ። ደህናውን ዕቃ አውጥቶ አሮጌ ገጥሞብኝ የሄደ አለ። በወር ሁለቴ ማሽኔን የሚፈታ ሰው ማለት ለእኔ በወር ሁለቴ የምፈራው ሰው ነው።

የሳሪሱ ጠጋኝ (ጥር 7)

እትዬ፣ አይከፋኝም፤ የምትይው ሰው እንዳለ አውቃለሁ። የምቀይረውን አሮጌ ዕቃ ሁሉ በፌስታል አድርጌ ለባለቤቱ ባስረክብ፣ ከመቀየሩ በፊትና በኋላ ፎቶ ባነሣስ?

ባለ ካፌዋ (ጥር 7)

እሱ ይሻላል። ፎቶውን ለእኔ በቴሌግራም ከላክ፣ ለባሪስታው ሳይሆን።

ከቨርጂኒያ (ጥር 8)

ከዲሲ አጠገብ ነው ያለሁት። የእኔ ነገር ከማሽን ጋር አይገናኝም፣ ግን ባለ ካፌዋ ስለ ባሪስታው ያለችው ወደ ራሴ ታሪክ ወሰደኝ።

እዚህ ሐበሻ ባለበት ሁሉ "መልቲ ሰርቪስ" የሚባል ቢሮ አለ። ታክስ፣ ትርጉም፣ የኢሚግሬሽን ፎርም፣ የአውሮፕላን ቲኬት፣ ውክልና፣ ገንዘብ መላክ። እኔም ከፍቼ ነበር። በመጨረሻ የሕክምና አስተርጓሚነትን ብቻ ያዝኩ። መጀመሪያ ግን ለማን እንደምሸጥ ተሳሳትኩ። በየቤተ ክርስቲያኑ እየሄድኩ እናቶችን "ሐኪም ቤት ስትሄዱ ጥሩኝ" እል ነበር። ሁሉም መረቁኝ። አንድም ሰው አልከፈለኝም። ለካ የሚከፍለው ሐኪም ቤቱ ነው። ከመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሐኪም ቤት ለታካሚው አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ ግዴታው ነው። ዲሲ ደግሞ ከ2004 ጀምሮ የቋንቋ ሕግ አላት፣ አማርኛ እዚያ ውስጥ አለ። እና ለአስተርጓሚ ኤጀንሲዎች ማመልከት ጀመርኩ። የ40 ሰዓት ሥልጠና ጠየቁኝ፣ ወሰድኩ፣ በሳምንቱ ሥራ ላኩልኝ። ያው እኔ፣ ያው አማርኛ። የሚከፍለው ሰው ብቻ ተቀየረ።

አንተም "ካፌ" አትበል። ካፌ አይከፍልም። ካፌ ውስጥ ማን ነው ማሽኑ ሲቆም እንቅልፍ የሚያጣው?

ሰባት በአንድ (ጥር 8)

እሺ ቁጥሩን አየሁ፣ አፌን ትንሽ ልሰብስብ። ግን አንድ ነገር አትርሱ። ብሩ በ2016 ሐምሌ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዶላር ከ57 ተነሥቶ ከመቶ በላይ ሆኗል። የጣሊያን መለዋወጫ ዋጋ ሰማይ ነው። ኮንትራት ገብተህ ፓምፑ ቢቃጠል ከኪስህ ልትገዛ ነው?

ጋሽ መፍቻ (ጥር 8)

ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መለዋወጫ ኮንትራቱ ውስጥ አይገባም። ይህ በመጀመሪያው መስመር ይጻፍ። ግን ያልከውን ገልብጠህም እየው። አዲስ ማሽን ስለተወደደ ባለካፌው አሮጌውን ነው የሚያስታምመው። አሮጌ ደግሞ እንክብካቤ ይፈልጋል።

ልጄ፣ አሁን ወደ ፈተናው። ሃያ ያህል ካፌ ምረጥ። ግማሹ ከአቃቂ መስመር፣ ግማሹ ከሌላ ሰፈር ይሁን፤ የውኃው ነገር እውነት ከሆነ ልዩነቱ እዚያ ይታያል። ስትገባ ሐሳብህን አትንገር። "ማሽኑ መጨረሻ የቆመው መቼ ነው? ስንት ሰዓት ቆመ? ማንን ጠራችሁ? ስንት ከፈላችሁ?" ብለህ ጠይቅ። ቀኑንና ብሩን የሚያስታውስ ሰው አሞታል። "አልፎ አልፎ ያስቸግራል" የሚል አላመመውም፤ አመስግነህ ውጣ።

ላመመው ሰው አንድ ገጽ ወረቀት አሳየው። በወር ሁለት ጉብኝት። በየጉብኝቱ የምትሠራው ተጽፎ፦ የቡና መውጫዎቹን በማሽን ማጠቢያ ዱቄት ማጠብ፣ የወንፊቱን ጎማ ማየት፣ የቦይለሩን ግፊት ማንበብ፣ ሲሊንደሩን በጨው ማደስ፣ የመፍጫውን ጥርስ ማየት። ዋጋ። ከዚያ የመጀመሪያው ወር ክፍያ ከመጀመሪያው ጉብኝት በፊት። ቀብድ ሳይሆን ሙሉውን። ሰው ብሩን ሲያወጣ ነው እውነቱን የሚናገረው።

ከመውጣትህ በፊት ደግሞ እዚህ ጻፍ፤ ስንት ሰው ከከፈለ ትቀጥላለህ፣ ስንት ከሆነ ትተዋለህ? ከተመለስክ በኋላ ከሆነ ማንኛውም ቁጥር ጥሩ ይመስልሃል።

እና ፍጠን። ዐቢይ ጾም ሲገባ ወተት ይቆማል፣ ማኪያቶ ይቀንሳል፣ ባለካፌ ሁሉ ኪሱን ይይዛል። ያኔ ብትጠይቅ እምቢታው የጾሙ ይሁን ያንተ አታውቅም።

የሳሪሱ ጠጋኝ (ጥር 8)

እሺ ጋሼ። ጻፍኩ፦ ሃያ ካፌ። ዋጋ 2,500 ብር በወር። አምስትና ከዚያ በላይ ከከፈሉ እቀጥላለሁ። አንድ ወይ ምንም ከሆነ ወደ ዲሼ እመለሳለሁ። በመሃል ከሆነ… አላውቅም።

የሳሪሱ ጠጋኝ (ጥር 30)

መጣሁ። ይቅርታ ረዘመ፣ ጥምቀትም መሃል ገባ።

22 ካፌ ሄድኩ። ባለቤቱን ራሱን ያገኘሁት 11 ቦታ ብቻ ነው። የባለ ካፌዋ ነገር እውነት ነው፤ ባሪስታና ካሸር ጋ ያወራሁት ጊዜ ሁሉ ውኃ በላው። 14 ቦታ "በጣም አሪፍ ሐሳብ" ተባልኩ። በዚያ ብሄድ ኖሮ ዛሬ ዲሹን ጥዬ ነበር። ብር ያወጡት አራት ናቸው።

የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ከአቃቂ መስመር የከፈለ አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም የአክስቴ ልጅ ነው። ቅርፊቱን አሳየኋቸው፣ ሳሙናውን ናጥኩላቸው፣ ተደነቁ። አንዱ ባለቤት ራሱ ቦይለሩን ሲያይ "ወይኔ!" ብሎ ጮኸ። ከዚያ "ሲበላሽ እደውልልሃለሁ" አለኝ። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉት። ባለቤቱ ከማሽኑ ጎን ቁጭ ብሎ ስለሚውል፣ ሲንጠባጠብ ያያል፣ ያን ጊዜ እጠራለሁ ብሎ ያስባል።

ሦስቱ የከፈሉት መገናኛ፣ ሜክሲኮና ቦሌ ናቸው። ውኃቸው የተለያየ ነው። አንዱ ጋ ቅርፊት እምብዛም የለም። የሚያመሳስላቸው ባለቤቶቹ ካፌው ውስጥ አለመኖራቸው ነው። አንዷ ሦስት ካፌ አላት፤ ለአንዱ ብቻ ነው የፈረመችው። አንዱ ቢሮ ተቀጣሪ ነው፣ ካፌውን ማታ ነው የሚያየው። ሦስተኛው የሚኖረው ዱባይ ነው፣ በስልክ ነው ያወራነው፣ ወንድሙ በቴሌብር ላከልኝ። ይሄኛው ያለኝን ልንገራችሁ፦ "ማሽኑን ከምትነግረኝ በላይ ባሪስታው በየማታው እያጠበው መሆን አለመሆኑን ንገረኝ።" ሦስቱም የያዙት ፎቶውን ነው። ቅርፊቱን አልሰሙኝም ማለት ይቻላል።

ባለ ካፌዋ (ጥር 30)

እኔ በየቀኑ ካፌዬ ውስጥ ነኝ። ለዚህ ነው ያልገዛሁህ። አሁን ገባኝ።

ማርኬቲንግ ልጅ (ጥር 30)

አራት ከ22፣ ወደ 18 ፐርሰንት! ብሮ ይሄ እኮ ፋየር ነው። አዲስ አበባ ያሉትን ካፌዎች ሁሉ በ18 ፐርሰንት ምታው።

ጋሽ መፍቻ (የካቲት 1)

አትምታው። የአክስት ልጅ አይቆጠርም። ሦስት ነው። የተነጋገረውም 11 ባለቤት ነው እንጂ 22 አይደለም፤ ግማሹ ሙከራ አልተደረገም ማለት ነው። በሦስት ሰው የከተማ ሒሳብ አይሠራም።

ግን ልጄ፣ ይህ ሦስት ከሌላ ሦስት ይለያል። የተለያየ ሰፈር ሆነው አንድ ዓይነት ምክንያት ሰጡህ። አንተ የውኃ ችግር ልትሸጥ ሄድክ፣ እነሱ የሩቅ ዓይን ገዙ። እንግዲህ ገበያህ በሰፈር ሳይሆን ባለቤቱ በሌለበት ካፌ ነው ብለህ ገምት። ግምት ነው እንግዲህ፣ ገና አልተፈተነም። ወረቀትህን ቀይር። ከላይ ጉብኝቱን ሳይሆን ሪፖርቱን ጻፍ። የወንፊቱ እጀታ ሲታሰር ቀጥ ብሎ ከመቆም አልፎ ወደ ቀኝ የሚሄድ ከሆነ ጎማው አልቋል፤ ያንን ፎቶ አንሥተህ በቀይ ክብ አድርገህ ላክለት። ዱባይ ያለ ሰው እሱን አይቶ ይገባዋል። ከዚያ ባለቤት የሌለባቸውን ካፌዎች ብቻ ፈልገህ ሌላ አሥር ጠይቅ።

ዋናው ፈተና ደግሞ ሁለተኛው ወር ነው። የመጀመሪያውን ሰው በጉጉትም ይከፍላል፣ በይሉኝታም ይከፍላል።

ሰባት በአንድ (የካቲት 1)

ሦስት ኮንትራት 7,500 ብር ነው። ደብተሩ በወር 32,000 ነው የሚለው። ዲሹን አሁን ጣለው የሚል ሰው ካለ የቤት ኪራዩን እሱ ይክፈልለት።

ጋሽ መፍቻ (የካቲት 1)

ዲሹን ይጣል፣ ፍሪጁን አይጣል። በሰዓት 200 ብር የሚያመጣውን ሥራ ነው መጀመሪያ የሚለቀው። ከሦስት ወር ውስጥ 70 ሰዓት ነፃ ይወጣለታል። ያ ሰዓት ነው ለአሥሩ ካፌ።

የሳሪሱ ጠጋኝ (የካቲት 30)

ወሬ ላድርሳችሁ። ጾሙ መሃል ላይ ነን።

ሁለተኛውን ወር የዱባዩና የሦስት ካፌዋ ባለቤት በቀናቸው ከፈሉ። ቢሮ የሚሠራው "በጾም ማኪያቶ የለም፣ ማሽኑም አልደከመ፣ ግማሹን ልክፈል" አለኝ። በወር አንድ ጉብኝት በ1,400 ብር ተስማማን። ልክ አደረግኩ አላደረግኩ አላውቅም። የአክስቴ ልጅ አልከፈለም፣ ስልክም አያነሣም።

ባለቤት የሌለባቸውን ፍለጋ ስምንት አገኘሁ፣ አሥር አልሞላልኝም። ሁለት ከፈሉ። አንዱ የዱባዩ ጓደኛ ነው፣ ፎቶዎቹን አሳይቶት ነው ራሱ የደወለልኝ። ሁለት ደግሞ ሊገቡ ፈልገው "ኮሪደር ልማቱ ይነካን ይሆናል፣ የት እንደምንሆን ሳናውቅ ኮንትራት አንገባም" አሉ። እሱን እኔ የምፈታው አይደለም።

ያላሰብኩት ነገር ደግሞ መጣ። ሦስት ካፌ ያላት ባለቤት ሁሉንም ልትሰጠኝ ትፈልጋለች፣ ግን ሕጋዊ ደረሰኝ ትጠይቃለች። ያለዚያ ወጪዋን ግብር ላይ ማስያዝ አትችልም። እኔ ፈቃዴ የግለሰብ ጥገና ነው፣ ደረሰኝ አሳትሜ አላውቅም። ሰሞኑን ሒሳብ ሠራተኛ ይዤ እሱን እየተሯሯጥኩ ነው። እና አንዱ ባሪስታ ጠልቶኛል። ማታ አለማጠቡን ለባለቤቱ ስለላክሁ "ሰላይ" ይለኛል። ባለፈው ስሄድ ማሽኑ በርቶ ትኩስ ሆኖ ነው የጠበቀኝ፣ እንዳልፈታው። ምን ላድርግ?

ጋሽ መፍቻ (የካቲት 30)

ባሪስታው እውነት አለው እኮ። ሰላይ ነህ። ፎቶውን ከመላክህ በፊት ለእሱ አሳየውና እንዲያጥብ ቀኑን ስጠው። ካልታጠበ ላክ። ማሽኑ ውስጥ የምትገባው በእሱ በር ነው።

1,400 ብሩን ግን ትስማማለህ ብዬ አልጠበቅኩም። ሌሎቹ ከሰሙ ምን ትላቸዋለህ?

ባለ ካፌዋ (የካቲት 30)

ይሰማሉ። ባለካፌዎች እንነጋገራለን። ለእኔ ግን በጾም ዋጋ መቀነሱ አልከፋኝም። ከፋሲካ በኋላ ወደ 2,500 የማይመለስ ከሆነ ያኔ ነው ችግሩ።

ከቨርጂኒያ (መጋቢት 1)

እዚህ ካሉ ሐበሾች አዲስ አበባ ካፌ የከፈቱ ጥቂት አውቃለሁ። ያንን በቀይ የተከበበ ፎቶ አንዱን በውስጥ መስመር ላክልኝ፣ ላሳያቸው። ቃል አልገባም።

ማጠቢያዬ ቆመ (መጋቢት 2)

ወንድሜ ያኔ የነገርከኝ ልክ ነበር፣ የልጄ ካልሲ ነው የወጣው። አሁን ደግሞ ሲጨምቅ ቤቱን ያንቀጠቅጠዋል። መጥተህ ታይልኛለህ?

የሳሪሱ ጠጋኝ (መጋቢት 2)

ማጠቢያ ካለፈው ወር ጀምሮ አቁሜያለሁ። ሳሪስ አብሮኝ የሚሠራ ልጅ አለ፣ ከእኔ ይሻላል። ስልኩን በውስጥ መስመር እልክልሃለሁ።